የሒሳብ ክበብ፦ 5,000 ብር ለስንት ቃለ መጠይቅ?

ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜ ያዋለው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ለዳሰሳ ጥናት የተመደበ ገንዘብ ከተማና ገጠር እንዴት ይከፋፈል? ለልምምድ የያዝነው ምሳሌ ይህ ነው። ከተማው ውስጥ 600፣ በዙሪያው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች 400 ቤተሰቦች አሉ። የምንፈልገው አንድ ቤተሰብ ውኃ ለመቅዳት በቀን በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚያጠፋ ነው። የቤተሰቦቹ ጊዜ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚራራቅ የሚያሳየው መደበኛ ልይይት በከተማ 10፣ በገጠር 30 ደቂቃ ነው፤ አንድ ቃለ መጠይቅ በከተማ 25፣ በገጠር 100 ብር ያስወጣል። ለወረቀትና ለመሳሰለው ቋሚ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የቀረው 5,000 ብር ነው።

ብዙ ተማሪዎች መጀመሪያ የመረጡት ርካሹን ነበር፦ 120 ከከተማ፣ 20 ከገጠር። 140 ቃለ መጠይቅ ብዙ ይመስላል፤ ግምታችን ከናሙና ናሙና ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካው የአማካዩ ቫሪያንስ ግን 7.5 ነው። ከዚህ ውስጥ 7.2ቱ የሚመጣው ከገጠሩ 20 ቤተሰቦች ብቻ ነው።

የተሻለው ድልድል የሚገኘው በዚህ ቀመር ነው፦

n ∝ N × S ÷ √c

n የቃለ መጠይቁ ብዛት ነው፤ ∝ ደግሞ ከቀኙ ጋር ይመጣጠናል ማለት ነው። N የቤተሰብ ብዛት፣ S መደበኛ ልይይት፣ c የአንዱ ቃለ መጠይቅ ዋጋ ነው። ለከተማ 600×10÷5፣ ለገጠር 400×30÷10፤ ሁለቱም 1,200 ይሰጣሉ። ስለዚህ ድልድሉ እኩል ነው፦ 40 እና 40። ወጪው 1,000 እና 4,000 ብር ሲሆን ቫሪያንሱ ወደ 4.5 ይወርዳል። ቃለ መጠይቁ በ60 አንሶ ግምቱ ይበልጥ ትክክለኛ ሆነ። ዋጋው በስኩዌር ሩት የሚገባበት ምክንያት ተማሪዎቹን በጣም አከራክሯል። ምርጡ ድልድል ላይ ስንደርስ የመጨረሻዋ አንድ ብር በከተማም በገጠርም የምትቀንሰው ቫሪያንስ እኩል መሆን አለበት፤ እዚህ በሁለቱም በኩል 0.0009 ነው። ካልተስተካከለ ገንዘቡን ወደ አንዱ ማዛወር ያዋጣል።

የልይይቱ ግምት የሚመጣው ከጥቂት ቤተሰቦች የሙከራ ጥናት ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ያን ያህል አያሰጋም፤ በሕዝብ ብዛት ብቻ ብንደለድል (54 እና 36) እንኳ ቫሪያንሱ 4.67 ነው። የበለጠ የሚጎዳው የዋጋ ስሌት ነው። ዋጋው መታሰብ ያለበት በተሟላ ቃለ መጠይቅ እንጂ በአንድ ጉዞ አይደለም። ቤት ሰው ጠፍቶ ተመልሶ መሄዱ ተቆጥሮ የገጠሩ ዋጋ 144 ብር ቢሆን፣ ለ40ው ቤተሰብ ብቻ 5,760 ብር ያስፈልጋል። ገንዘቡ ሲያልቅ ሳይጠየቁ የሚቀሩት ደግሞ ሩቅ ያሉት፣ ምናልባትም ለውኃ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ናቸው፤ ያን ጊዜ አማካዩ ራሱ ይዛባል። ዋጋው አስቀድሞ ቢታወቅ ድልድሉ 34 እና 28 ይሆን ነበር።

መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ 80ውን መልስ ደምሮ ለ80 ማካፈል ስህተት ነው፤ የገጠሩ ድርሻ በናሙናው ግማሽ፣ በሕዝቡ ግን 0.4 ነውና። የከተማው አማካይ 20፣ የገጠሩ 70 ደቂቃ ቢሆን ቀጥታው ስሌት 45 ይሰጣል፤ ትክክለኛው ግን 0.6×20 + 0.4×70፣ ማለትም 40 ደቂቃ ነው።