ደብዳቤ ለልጄ፦ «ተጽእኖ»ን ተዪና «ትናንት ማታ»ን ጠይቂ

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስልኩ እየተቆራረጠ አስቸገረን እንጂ ገና ብዙ የምልሽ ነበረኝ። ኔትወርኩን ከመለማመጥ መጻፉ ይሻላል አልኩ። እዚህ ማታ ማታ የቀኑን መጠይቆች ካረምኩ በኋላ ሌላ ሥራም የለኝ።

ያነበብሽልኝ የትምህርት ቤት ጥናትሽ ርዕስ «የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽእኖ በተማሪዎች ላይ» ይላል። መምህርሽ «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» ብሎ መለሰብሽና ተናደድሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔ ከመምህርሽ ጋር ነኝ። ስፋቱ ግን አይደለም ያሳሰበኝ። ይህ ርዕስ መሸነፍ አይችልም። የተማሪው ውጤት ቢወርድ ተጽእኖ ነው፣ ቢወጣም ተጽእኖ ነው፣ ምንም ባይሆንም «ተጽእኖው አነስተኛ ነው» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ምን ዓይነት መልስ ቢመጣ «ተሳስቻለሁ» እንደምትዪ ካላወቅሽ ገና ጥያቄ አልያዝሽም።

«ለምን ሚዲያን መረጥሽ?» ስልሽ የመለስሽልኝን ግን ወድጄዋለሁ። አጠገብሽ የምትቀመጠው ልጅ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ትተኛለች፣ ማታ ቲክቶክ ስታይ ስለምታመሽ ነው አልሽኝ። ጥያቄሽ ያለው እዚያ ነው። ዴስኩ ላይ የተደፋችው ልጅ ከ«ተጽእኖ» ትበልጣለች። አንድ ሰው አለ፣ አንድ ድርጊት አለ፣ አንድ ሌሊት አለ። እነዚህን ሦስቱን ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ «ማኅበራዊ ሚዲያ» የሚለውን ቃል አውጪው። ተማሪውን «ማኅበራዊ ሚዲያ ትጠቀማለህ?» ብትዪው አንዱ ፌስቡክን ብቻ አስቦ «አልጠቀምም» ይልሻል፣ እጁ ላይ ግን ቲክቶክ ተከፍቷል። ሌላዋ ቴሌግራምን ቆጥራ «አዎ» ትላለች፣ እሷ ግን የከፈተችው የፊዚክስ ወርክሺት ለማውረድ ነው። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ከከተትሽ የምትቆጥሪው ምን እንደሆነ አንቺም አታውቂውም። ስለዚህ አንድ መተግበሪያ ያዢ፣ ቲክቶክን። ሌላው ይቅር።

ቀጥሎ «በቀን ስንት ሰዓት ታያለህ?» የሚለውን ተዪው። ረቂቅሽ ላይ ነበር፣ ሁሉም ሰው የሚጀምረውም በእሱ ነው። ሰው ግን ይህን አያውቀውም። ስልኩ የመዘገበውንና ባለቤቱ የገመተውን ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች አሉ። እነሱን አንድ ላይ ያየ ትንተና እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ ነበር፤ ግምቱና መዝገቡ የሚቀራረቡት በመጠኑ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። «በአማካይ» ሲባል ሰው አስቦ አይመልስም፣ ስለ ራሱ ያለውን አስተያየት ነው የሚነግርሽ። ትናንት ማታ ያደረገውን ግን ያስታውሳል። «ትናንት ማታ አልጋ ላይ ከወጣህ በኋላ ቲክቶክ ከፍተሃል?» ብትዪው መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው።

«ትናንት» ስትዪ ግን የትኛው ትናንት እንደሆነ ተጠንቀቂ። ወጣት ሳለሁ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በአንድ ወረዳ ቤት ለቤት እዞር ነበር። መጠይቁ «ባለፉት ሰባት ቀናት ሥጋ በልታችኋል?» ይላል። ቤት ቀይሬ፣ መንደር ቀይሬ፣ መልሱ «አልበላንም» ብቻ ሆነ። ወረቀቱን ያየ ሰው አካባቢው ሥጋ የማያውቅ ደሃ ነው ሊል ይችላል። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። መጠይቁን ያዘጋጁት ሰዎች የቀን መቁጠሪያ አላዩም፣ እኔም ሦስተኛው መንደር ድረስ አልነቃሁም። አንቺም ሰኞ ጠዋት ብትጠይቂ የእሑድን ማታ ታገኛለሽ። የፈተና ሳምንት ብትጠይቂ ሁሉም ሲያጠና ያመሸበትን ታገኛለሽ። ፈተና በሌለበት ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት ጠይቂ። ያኔ የምትለኪው ማክሰኞ ማታን ነው፣ ማክሰኞ ደግሞ ተራ የትምህርት ቀን ነው።

አሁን ወደ እንቅልፉ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ረቂቅሽ ላይ «በቂ እንቅልፍ ታገኛለህ?» ብለሻል። «በቂ» የእያንዳንዱ ሰው የግል ሚዛን ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። ያንቺ የክፍል ጓደኛ ግን 6 ሰዓት ተኝቶ «በቂ ነው» ቢልሽ እየዋሸ አይደለም። ስለዚህ የተኛበትንና የነቃበትን ሰዓት ጠይቂው፣ መቀነሱን አንቺ ሥሪው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ወጥመድ አለው። «ስንት ሰዓት ተኛህ?» ስትዪ አንዱ አልጋ ላይ የወጣበትን ይነግርሻል፣ ሌላው እንቅልፍ የወሰደበትን። «መተኛት» ሁለቱንም ነው። አንቺ ደግሞ ማወቅ የፈለግሽው በሁለቱ መካከል የሆነውን ነው! ቲክቶኩ የሚታየው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። «እንቅልፍ የወሰደህ በግምት ስንት ሰዓት ላይ ነው?» በዪ።

ሁለተኛው ወጥመድ ሰዓቱ ነው። ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ስልካቸው ላይ ያለውን የፈረንጅ ሰዓት ይጽፉልሻል፣ ግማሾቹ የሀበሻውን። አንድ ወረቀት ላይ «10:30» የሚል ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ? በፈረንጅ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። በሀበሻ ከሆነ ዶሮ ከጮኸ በኋላ፣ ሊነጋ ሲል ነው። የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው፣ ከወረቀቱ ላይ ደግሞ ማወቂያ የለሽም። ስለዚህ እንዲህ ብለሽ አትሚው፦ «እንቅልፍ የወሰደኝ በሀበሻ ሰዓት ከምሽቱ / ከሌሊቱ ___ ሰዓት ከ___ ደቂቃ»፣ አንዱን እንዲያከብቡ። የነቁበትንም እንደዚያው፣ «ከሌሊቱ / ከጠዋቱ» ብለሽ። ደስ የሚለው ነገር የሀበሻው ሰዓት ለሌሊት ሒሳብ የተሠራ ይመስላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የተኛ ልጅ ንጋት 12 ሰዓት ቢነቃ ከ12 ላይ 4 ተኩል ትቀንሺና 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በፈረንጁ ቢሆን እኩለ ሌሊትን መሻገር አለብሽ፤ ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

እንግዲህ ጥያቄሽ ይህን መሰለ፦ «በትምህርት ቤታችን የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል፣ ማክሰኞ ማታ አልጋ ላይ ከወጡ በኋላ ቲክቶክ የከፈቱት ካልከፈቱት ያነሰ ሰዓት ተኝተዋል?» ይህ መሸነፍ ይችላል። ወረቀቱን ከማደልሽ በፊት ደብተርሽ ላይ ቀን ጽፈሽ አስፍሪው፦ ልዩነቱ ከግማሽ ሰዓት ካነሰ «የጠበቅሁትን አላገኘሁም» እላለሁ። ግማሽ ሰዓት ያልኩት ከሰማይ የወረደ ልክ ስለሆነ አይደለም፣ የእንቅልፍ ሰዓት ግምት ራሱ ስለሚዛነፍ ነው። መልሱን ካየሽ በኋላ ድንበሩን ብታንቀሳቅሺ ግን ራስሽን ብቻ ነው የምትሸውጂው።

ማንን ትጠይቂያለሽ? «ፎርሙን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እለቀዋለሁ» ብለሽ ነበር። ማታ ብትለቂው የሚመልስልሽ ማታ ስልክ ላይ ያለው ነው። ስልክ የሌለው፣ ዳታ ያለቀበት፣ በጊዜ የተኛው ሁሉ ይቀራል። ልታወዳድሪያቸው የፈለግሻቸውን ሰዎች ሳታውቂው አጣራሽ ማለት ነው። በወረቀት ይሁን። 11ኛ ክፍል 240 ተማሪ አለ ካልሽ፣ የስም ዝርዝሩን ከጽሕፈት ቤት ለምኚ። 60 ሰው ከበቃሽ ከአራት አንድ ነው። ከ1 እስከ 4 ያሉትን ቁጥሮች በወረቀት ጠቅልለሽ ዕጣ አውጪ፣ 3 ከወጣ 3ኛውን፣ 7ኛውን፣ 11ኛውን እያልሽ ሂጂ። ጓደኛሽ ዕጣው ካልደረሳት አትገባም፤ ስታኮርፍ እኔ ላይ አላክኪ። ስም አይጻፍ። ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ውሰጂ፣ መመለስ ያልፈለገም ባዶውን ይመልስ።

ውጤቱ እንዳሰብሽው ቢወጣ፣ ቲክቶክ የከፈቱት በመካከለኛ ቁጥር 6 ሰዓት ተኩል፣ ያልከፈቱት 7 ሰዓት ተኩል ተኝተዋል እንበል። ያኔ «ቲክቶክ እንቅልፍ ይነሳል» ብለሽ እንዳትጽፊ። እንቅልፍ እምቢ ስላለው ስልኩን ያነሳም አለ። ሩቅ ስለሚኖር ታክሲ ለመያዝ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚነሳም አለ፣ የእሱ እንቅልፍ ያጠረው ከበስተኋላው ነው። ለዚህ ነው የነቁበትን ሰዓት ለብቻው ያስጠየቅሁሽ። የሁለቱ ወገን መንቂያ አንድ ዓይነት ሆኖ መተኛው ብቻ ከዘገየ ነገርሽ ይጠናከራል። ልዩነቱ የመጣው ከመንቂያው ከሆነ ግን ቲክቶኩን ተዪው፣ ጥያቄው የታክሲ ሆኗል። ያም ቢሆን ደብተርሽ ላይ መጻፍ የምትችዪው «ይያያዛል» የሚለውን ነው።

ስድሳውን ከማተምሽ በፊት ለስድስት ልጆች ሞክሪው፣ ከዕጣው ውጭ ለሆኑ። እየጮኹ እንዲያነቡትና ምን እንደገባቸው እንዲነግሩሽ አድርጊ። አታስረጃቸው! «ማለት የፈለግሁት» ካልሽ ጥያቄው ወድቋል፤ ስድሳው ጋ ቆመሽ ማስረዳት አትችዪም። ወንድምሽንም አካቺው፤ እሱ ያልገባውን እንደገባው አያስመስልም።

የስድስቱን ወረቀቶች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ባዶ የተተዉትንና የተሰረዙትንም እንዳታስቀሪ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። ለእናትሽ ጋቢውን እንዳገኘሁት ንገሪያት፣ ሻንጣው ሥር ነበር።

አባትሽ