በኪሎ ወይስ በልብስ? ስለ አዲሱ ዋጋችን ለደንበኞቻችን

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ እጥበትን በኪሎ፣ ካውያን በልብስ ቁጥር ለየብቻ እናስከፍላለን። እስከ ዛሬ ካውያን ጨምሮ አንድ ኪሎ 55 ብር ነበር። ለምን እንደለወጥነው ሒሳቡን ዘርግተን እናሳያችሁ።

ሁለት ከረጢት እንውሰድ። ሁለቱም 5 ኪሎ ናቸው። በአንዱ ሁለት ወፋፍራም ጋቢዎች አሉ፣ በሌላው ደግሞ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ያመጣቸው 20 ሸሚዞች። በድሮው ዋጋ ሁለቱም 275 ብር ይከፍላሉ።

ማሽናችን 10 ኪሎ ይይዛል። አንዴ ሲሞላ 100 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። የደብረ ብርሃን ውሃ ደግሞ ጠዋት ላይ እጅ ያደነዝዛል፣ ዱቄት ሳሙናም በእንዲህ ያለ ውሃ በደንብ ስለማይሟሟ ለማጠቢያ የሚገባውን ውሃ ወደ 40 ዲግሪ እናሞቀዋለን። ውሃውና መብራቱ 60 ብር፣ ሳሙናው 40 ብር፣ ማሽኑ የሚሠራበት አንድ ሰዓት ከጥገናው፣ ከቤት ኪራዩና ከሚያጥበው ልጅ ደመወዝ ጋር 150 ብር ይወስድብናል። በድምሩ 250፣ ማለትም ለኪሎ 25 ብር። እዚህ ላይ ኪሎ ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ ከባድ ልብስ ብዙ ሳሙና ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃም ይጠጣል።

ካውያ ግን ኪሎ አያውቅም። አንድ ሸሚዝ ኮሌታው፣ እጅጌው፣ ጀርባው፣ በቁልፎቹ መሃል ያለው ሁሉ ተደርጎ በደንብ ሲተኮስ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሃያው አንድ ሰዓት ከአርባ ነው፣ ያውም የሰው ጉልበት። ለኛ አንዱ 8 ብር ያስወጣናል። ስለዚህ የሸሚዙ ከረጢት 125 ለእጥበት፣ 160 ለካውያ፣ በድምሩ 285 ብር ወጪ አለው፤ በ275 ስንሠራው እንከስራለን። የጋቢው ከረጢት ካውያ የለውም። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጣጥፎ ያበቃል። ወጪው 125 ብር ነው፣ ባለቤቱ ግን 275 ይከፍሉ ነበር። እማማ ጋቢያቸውን ይዘው መጥተው የሌላ ሰው ሸሚዝ ማስተኮሻ መክፈላቸው ልክ አይደለም።

በአዲሱ ዋጋ እጥበት በኪሎ 32 ብር፣ የሸሚዝ ካውያ 10 ብር ነው። ጋቢዎቹ 160 ብር ይሆናሉ፣ ሸሚዞቹ 360። ሸሚዝ የምታበዙ ሰዎች ዋጋ እንደጨመረባችሁ አንደብቅም። ቤት ውስጥ ራሳችሁ መተኮስ ከፈለጋችሁ ግን ያው 160 ብር ብቻ ነው፣ ወይም አምስቱን ብቻ አስተኩሱ።

ሁሉንም በልብስ ቁጥር ብናደርገውስ ያላችሁን አላችሁ። ያን ጊዜ ካልሲና የልጆች ካናቴራ ያለው ሰው ይጎዳል፤ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ ማሽን ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ትንሽ።

በኪሎ ማስከፈል የራሱ ፈተና አለው። አጣቢው ብዙ ኪሎ በአንድ ዙር ለመጨረስ ማሽኑን ይጠቀጥቀዋል። ልብሱ መገላበጫ ያጣል፣ ሳሙናው አይወጣም። የትም ብታሳጥቡ ይህን ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፦ ጥቁር ሱሪ ላይ ነጭ የዱቄት መስመር ይታያል፣ ልብሱን ንጹህ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ስትጨምቁትም አረፋ ያወጣል። እንዲህ ያለ ልብስ ከኛ ከወጣ መልሱልን፣ በነጻ እናጥበዋለን። እኛ ከላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ሳንተው በሩን አንዘጋም።

ልብሳችሁ ሲመዘን ሚዛኑ አጠገብ ቆማችሁ እዩ። የምንመዝነው ልብሱ ደረቅ እያለ ነው፤ ዝናብ የመታው ጋቢ የውሃውን ኪሎ ጭምር ስለሚያስከፍላችሁ አድርቃችሁ አምጡት። ማሽኑን ለመሙላት የሁለት ሰው ልብስ አብረን እናጥባለን፣ ግን የየሰዉ በየራሱ ቁጥር ባለው የመረብ ከረጢት ውስጥ ነው። ለብቻዬ ይታጠብልኝ የሚል ካለ የሙሉ ማሽን፣ የ10 ኪሎ ዋጋ ይከፍላል።

ሱፍና ካፖርት በኪሎ አይገቡም። ድራይ ክሊን የሚሠራው በውሃ ሳይሆን በኬሚካል ነው፣ ኬሚካሉም ተጣርቶ ተመልሶ ይሠራል፤ ድካሙ ያለው እድፉን አንድ በአንድ በእጅ ማስለቀቁና ኮቱን ትከሻውን፣ ገበሩን እያስተካከሉ በእንፋሎት መተኮሱ ላይ ነው። ስለዚህ በልብስ እንደነበረ ይቀጥላል። የሐበሻ ቀሚስም እንደዚያው። ጥለቱ ቀለም ሊለቅ ስለሚችል መጀመሪያ ጫፉን በነጭ ጨርቅ እርጥብ አድርገን እንሞክረዋለን፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ እናጥበዋለን።

ልብስ ስታስረክቡ የሚተኮሰውን ከማይተኮሰው ለይታችሁ ንገሩን፣ ደረሰኙ ላይ ኪሎውና የካውያው ቁጥር ለየብቻ ይጻፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የላውንድሪው ባለቤቶችና ሠራተኞች፣ ደብረ ብርሃን