የትምህርትና የክፍያ አሠራራችንን እንወስን

ሰላም መምህራን፣

ውጭ አገር ላደጉ ልጆች የምንሰጠውን የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት አሠራር ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት በዙም እንወስናለን።

በሳምንት አንዴ 1 ሰዓት ከሚሆን 30 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ቢሆን እላለሁ። ትንንሾቹ ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ሳምንት ሙሉ ያልሰሙት ቃልም ይጠፋቸዋል። ብዙዎቹ ይሰማሉ፣ ግን በሌላ ቋንቋ ነው የሚመልሱት። እነሱን ከፊደል አንጀምራቸው፤ ሥዕል እያሳየን እናናግራቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» ካልን በአንድ ቃል ይገላገሉናል። «ልጁ ምን እያደረገ ነው?» ስንል ግን ግሱን ማርባት ግድ ይሆንባቸዋል።

ክፍያው የ8 ክፍለ ጊዜ በቅድሚያ ይሁን። ተማሪው እንደሚቀር ከክፍለ ጊዜው 24 ሰዓት ቀድሞ የተነገረ ይካካስ፤ ከዚያ ወዲህ የቀረ እንደተሰጠ ይቆጠር።

የተማሪዎቻችሁን ዕድሜና የሚመቻቸውን ሰዓት፣ በሚኖሩበት አገር አቆጣጠር፣ ጽፋችሁ ያዙ። መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ እዚሁ መልሱልኝ።