ትርፋችን የወደቀው ህንጻችን ስለተገመተ ነው

ለአዘጋጁ፤

ሰላም ብያለሁ። ጣና ዳር ያለ አንድ የባህር ዳር ሆቴል ትርፉ ከግማሽ በላይ ወደቀ ብላችሁ የጻፋችሁትን አየሁት፣ ስም ባትጠሩም ከቁጥሩ እኛ እንደሆንን ወዲያው ነው ያወኩት ምክንያቱም ሂሳቡን የሰራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ከታክስ በፊት ያለው ትርፍ ከ1.9 ሚሊዮን ወደ 0.9 ሚሊዮን ብር ወርዷል። ግን እንግዳ አልቀነሰም፣ የአልጋ ዋጋም አልረከሰም፣ የአሳ ጥብሱም እንደድሮው እየወጣ ነው። የተቀየረው ህንጻው መዝገብ ላይ የተጻፈበት ዋጋ ብቻ ነው።

ህንጻው ከ10 አመት በፊት በ20 ሚሊዮን ነው ያለቀው፣ 40 አመት ያገለግላል ብለን በአመት ግማሽ ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽ፣ ማለትም ዲፕሪሲየሽን ስንቀንስለት 15 ሚሊዮን ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ዘመን በ15 ሚሊዮን እንኳን እንደሱ ያለ ህንጻ ሊሰራ ብረቱና ሲሚንቶውም ተገዝቶ አያልቅም፣ ስለዚህ ገማች ተጠራ። ገማቹ መጀመሪያ ያመጣው 60 ሚሊዮን ነበር፣ ቦርዱም ደስ ብሎት ነበር፣ እኔ ግን ሪፖርቱን ገልጬ ሳየው ለካ ሐይቁ ዳር የመሆኑ ዋጋ አብሮ ገብቷል። መሬቱ የሊዝ ነው፣ የሊዝ መብቱ ደግሞ በመዝገብ ለብቻው ያለ ነገር ነው፣ ህንጻው ላይ መደረብ የለበትም (ከተማችን ላይ በብዛት ሚሳሳቱት እዚች ጋ ይመስለኛል)። ተለይቶ ሲሰራ ህንጻው ብቻውን 45 ሚሊዮን ወጣ።

እንግዲህ አይኤፍአርኤስ በሚባለው አለም አቀፍ የሂሳብ ስታንዳርድ አሰራር የተጠራቀመው 5 ሚሊዮን ዲፕሪሲየሽን ከህንጻው ላይ ተሰርዞ ህንጻው 15 ላይ ይቆማል፣ ከዛ 30 ሚሊዮን ይጨመርበታል። ይሄ 30 ሚሊዮን የአመቱ ትርፍ ውስጥ አይገባም። እኔ ራሴ መጀመሪያ "ሌላ ገቢ" ብዬ አስገብቼው ኦዲተሩ ነው ያስወጣኝ፣ አሁንም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። ታክስ 30 ፐርሰንት ስለሆነ 9 ሚሊዮኑ ዴፈርድ ታክስ፣ ማለትም ለወደፊት የተላለፈ ታክስ ተብሎ እዳ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው 21 ሚሊዮን የባለአክሲዮኖቹ ድርሻ በሆነው ኢኩዊቲ ውስጥ ሪቫሉዌሽን ሰርፕላስ፣ ማለትም የግምት ጭማሪ በሚል ለብቻው ይቀመጣል።

ጉባኤ ላይ አንድ ሽማግሌ ባለአክሲዮን ተነስተው "ልጄ፣ 21 ሚሊዮን ካለ ለምን አይከፈለንም?" አሉኝ። "ጋሼ፣ ባንክ ሄደው ቢጠይቁ አንድ ብር አያገኙም፣ ያው ግድግዳው ነው" አልኳቸው። ሳቁ፣ ግን የገባቸው አልመሰለኝም።

አሁን ወደናንተ ዜና ልምጣ። ህንጻው የቀረው እድሜ 30 አመት ነው፣ 45 ሚሊዮን ለ30 ሲካፈል በአመት 1.5 ሚሊዮን ዲፕሪሲየሽን ይሆናል፣ ድሮ ግማሽ ሚሊዮን የነበረው ማለት ነው። ከዲፕሪሲየሽን በፊት ያለን ትርፍ ዘንድሮም አምናም 2.4 ሚሊዮን ነው። ከ2.4 ላይ 0.5 ሲቀነስ 1.9፣ 1.5 ሲቀነስ ደግሞ 0.9፣ ያ ብቻ ነው የናንተ "መውደቅ"። ለገቢዎች የምንከፍለው ታክስም በዚህ ምክንያት አልቀነሰም፣ እነሱ የሚቆጥሩት የድሮውን 20 ሚሊዮን ነው እንጂ ግምቱን አይደለም።

ጋዜጠኛችሁ ሁለት ቦታ ቢያይ ይበቃው ነበር። አንደኛ ሂሳብ መግለጫው ላይ ስለ ህንጻው የተጻፈውን ማስታወሻ፣ ዲፕሪሲየሽኑ በአንድ አመት ሶስት እጥፍ ሆኖ አዲስ ህንጻ ካልተገዛ ግምት ተሰርቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ የኢኩዊቲ ለውጥ የሚታይበትን ገጽ። እዛ ላይ በየአመቱ 0.7 ሚሊዮን ከሰርፕላሱ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ተጠራቀመው ትርፍ፣ ወደ ሪቴይንድ ኧርኒንግ ሲዞር ያገኛል፣ የትርፍና ኪሳራውን መግለጫ ሳይነካ። 0.7 የሆነው ተጨማሪው ዲፕሪሲየሽን 1 ሚሊዮን ስለሆነና ከዛ ላይ የታክሱ 0.3 ስለሚነሳ ነው። እንዲዞር ስታንዳርዱ አያስገድድም ግን ይፈቅዳል፣ እኛ እናዞራለን።

ይሄን ደሞ ለጋሼም ሳስበው ነው የከረምኩት። ከታክስ በኋላ ትርፋችን በግምቱ ምክንያት የሚያንሰው በ0.7 ነው፣ ምክንያቱም ከዴፈርድ ታክሱ እዳ ላይ በየአመቱ 0.3 እየተነሳ ተመልሶ ይገባል። ያው 0.7 ደግሞ ከሰርፕላሱ ሲዞር ሪቴይንድ ኧርኒንጉ ልክ ህንጻው ባይገመት ኖሮ የሚሆነው ላይ ይቆማል፣ ሳንቲም አይጎድልም። ስለዚህ "ወደቀ" ያላችሁትን ብታርሙልኝ ደስ ይለኛል፣ ከዜናው በኋላ አክሲዮናቸውን ለመሸጥ የደወሉልኝ ሰዎች አሉ።

አንድ የሂሳብ ሰራተኛ፣ ባህር ዳር