ለላቦራቶሪ ክፍል ባልደረቦች፦ ስለ አርቡ ሽኝት

ሰላም ለሁላችሁም። የክፍል ኃላፊያችን በጡረታ ሽኝታቸው ላይ ከ20 ዓመት በላይ አብረዋቸው የሠሩትን ስምንት ባልደረቦች በስም ማመስገን ይፈልጋሉ። ንግግሩ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። ለአንድ ሰው የሚደርሰው ሁለት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ «ታታሪ ናት» ከማለት የሠራችውን አንድ ሥራ ጻፉልኝ፤ ለምሳሌ «መብራት ሲጠፋ ሌሊትም ቢሆን መጥታ የናሙና ፍሪጁን ወደ ጄኔሬተር የምታዞረው እሷ ናት»። እንዲህ ሲባል አዳራሹ ማን እንደሆነች ወዲያው ያውቃል። የጽዳትና የመዝገብ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ እባካችሁ ከእነሱ ጀምሩ። ስም ከነአባት፣ የቅጥር ዓመቱንም ከሰው ሀብት ፋይል አመሳክራችሁ እስከ ረቡዕ ማታ በውስጥ ላኩልኝ።

ሽኝቱ አርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በመሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ነው፤ ከዚያ ዓሣ ለመብላት አሞራ ገደል እንወርዳለን። የምትመጡ እዚሁ አሳውቁን።