ስምህን ከጣርማ በር ወዲህ ስለ ማሻገር

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እናትህስ፣ የጉልበታቸው ነገር እንዴት ሆነ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ውርጭ ዘንድሮም አልማረንም፤ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ለሚኖር ሰው ግን ይህ ወሬ እንደ ተረት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ መጥፋቴ ሰበብ አልደረድርም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ።

እህትህ ነገረችኝ፤ የደመወዙን ሥራ ትተህ እዚህ መጥተህ የቤት መብራት ዝርጋታና ጥገና በግልህ ልትጀምር ነው አሉ። «ዋጋዬን ከሌላው ዝቅ ባደርግ ሰው ይመጣልኛል ወይ?» ብለህ መጠየቅህንም ሰማሁ። መልሴ አጭር ነው፤ አታድርገው። ለምን እንደሆነ ግን ሒሳቡን ላሳይህ፣ ምክንያቱም ይህ ሒሳብ የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን እስከ ጡረታህ ያለውን ገቢ ይወስናል።

ለአንድ ሥራ የእጅህ ዋጋ 4,000 ብር ነው እንበል። መጀመሪያ በራስህ ጥረት 10 ደንበኛ አገኘህ። ከ10ሩ 3 አዲስ ሰው ቢላክልህ፣ እነዚያ 3ቱም በተራቸው በዚያው ልክ ቢልኩ፣ ሰንሰለቱ ተጎትቶ ሲያልቅ የሠራኸው ሥራ ወደ 14 ይሆናል፤ 57 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። ከ10ሩ 6 ሰው ቢላክልህ ግን ያው ሰንሰለት 25 ሥራ ላይ ይደርሳል፤ 100 ሺህ ብር። እጅህም ዋጋህም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰው ስምህን የሚያነሳበት ልክ ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ዋጋህን 15 በመቶ ቀንሰህ ወደ 3,400 አወረድከውና በ10 ፈንታ 13 ሰው መጣልህ እንበል። ላኪዎቹ እንደ መጀመሪያው ከ10 3 ከሆኑ 63 ሺህ ብር ታገኛለህ፤ ከ100 ሺሁ ጋር አይቀራረብም። በዚያ ላይ በርካሽ የመጣ ሰው የሚልክልህም ርካሽ ፈላጊውን ነው።

ይህን ልክ በግምት አትያዘው። አንድ ደብተር ግዛና ለሚደውልልህ ሰው ሁሉ «ስልኬን ማን ሰጠህ?» በለው፤ የላኪውን ስም ከሥራው ጎን ጻፍ። ሦስት ወር ሲሞላ ቁጠር። አንድ ስም ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ያ ሰው ለአንተ የሥራ በር ነው። ብር አትስጠው፤ ደውለህ «የላክልኝን ሰው ቤት ጨርሻለሁ፣ እንዲህ እንዲህ አድርጌለታለሁ» በለው። የሚፈልገው የላከው ሰው እንዳልተቸገረ ማወቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎበዝ ባለሙያ የሚስተው። ሰው ስምህን ለጎረቤቱ ሲሰጥ ዋስ እንደ መሆን ነው፤ ዕቁብ ላይ ዋስ የሚሆን ሰው እንደሚጨነቀው ሁሉ እሱም ይጨነቃል። ሥራህ ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይልክም፤ በአንተ ምክንያት እንደማያፍር እርግጠኛ ሲሆን ነው የሚልከው። ስለዚህ ሥራህ ከዓመት በኋላም ራሱን እንዲከላከል አድርገህ ውጣ።

ለምሳሌ የእንጀራ ምጣድን ውሰድ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 4 ኪሎዋት ቢሆን በ220 ቮልት 18 አምፔር ገደማ ይስባል። ብዙ ቤት ውስጥ ግን በ2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ከተዘረጋው የሶኬት መስመር ጋር ይቀላቀላል። ያን ቀን ይሠራል፤ ባለቤቷ ትመርቅሃለች፣ ሒሳብህን ትቀበላለህ። ከአራት ወር በኋላ ብሬከሩ እየጣለ ያስቸግራል፣ ወይም ስፒናው ይቀልጣል። የሚቀልጠው ደግሞ ጋጋሪ ሰው ባለበት፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቀን ነው፤ ወሬው በዚያው ሳምንት ማኅበር ላይ ይደርሳል። ለምጣዱ ብቻውን ከቦርዱ የሚነሳ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦና ከሽቦው ጋር የሚሄድ የራሱ ብሬከር ብታደርግለት የሚጨምረው ወጪ ትንሽ ነው። ባለቤቱ «ወጪ ይበዛል» ብሎ እንቢ ካለ የምጣዱን መስመር አትሥራው፤ ሌላውን ሠርተህ፣ ይህንን ለምን እንዳልሠራኸው በጽሑፍ ተውለት።

ጽሑፉ አንድ ገጽ ይበቃል። የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ፣ የተጠቀምክበት የሽቦ ውፍረት፣ ቀኑ፣ የለካኸው፣ ያልሠራኸውና ምክንያቱ፣ ስልክህ። በቦርዱ ክዳን ውስጥ ለጥፈህ ሂድ። ያቺ ወረቀት አንተ በሌለህበት ትናገርልሃለች፤ ከዓመት በኋላ ቦርዱን የከፈተ ሌላ ባለሙያም አይቶ «ይሄ ሰው ማነው?» ይላል። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ደውለህ «ሶኬቱ ይሞቃል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ለወግ ብቻ አይደለም፤ ሽቦ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የማሰሪያው ቪቴ ይላላል፣ የላላ ቪቴ ደግሞ ይቃጠላል። ሞቀ ካሉህ ሄደህ በነፃ አጥብቀው። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ስለ ዕቃ መደብር ኮሚሽን ሳልነግርህ አላልፍም፤ እዚህ ከተማ የመልካም ባለሙያ ስም በብዛት የሚሞተው በእሱ ነው። ደንበኛውን ወደ አንድ ሱቅ ትወስደዋለህ፣ ባለ ሱቁ ዋጋው ላይ ጨምሮ 600 ብር ኪስህ ውስጥ ይከታል። ከ10 ሰው 6 የሚልኩልህ ከሆነ ደግሞ አንድ የረካ ደንበኛ ሰንሰለቱ እስኪያልቅ 1.5 ሥራ ያመጣልሃል፤ 6,000 ብር መሆኑ ነው። ስለዚህ ከ10 ደንበኛ 1ዱ ብቻ ቢደርስብህ ከ10ሩም የሰበሰብከው 6,000 ብር ጠፋ። ከ1 በላይ ደግሞ ይደርስብሃል፤ ሰው ያንኑ ብሬከር በሌላ ሱቅ ዋጋ ይጠይቃላ! የዕቃውን ዝርዝር ጽፈህ ለባለቤቱ ስጠው፣ እሱ ራሱ ይግዛ፤ አንተ የእጅህን ዋጋ በግልጽ ጠይቅ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቀድሞህ የሄደ ሰው ያስፈልግሃል። የአንተን ዓይነት ሥራ የሚሠራውን አትጠጋ፤ ተፎካካሪው ነህና ዋጋውን አይነግርህም። ትልልቅ ሕንፃ የሚይዝ ባለሙያ ፈልግ። እንደዚህ ያለ ሰው ለአንዲት ሶኬት ሲደወልለት ጊዜ የለውም፣ «ማንን ልላክልህ» እያለ ይቸገራል። ወደ እሱ ስትሄድ «ሥራ ፈልግልኝ» አትበል፤ ይህ ልመና ነው፣ መልሱም «እሺ እንገናኛለን» ነው። ዋጋ አውጥተህ ገና ለደንበኛው ያልሰጠኸውን ወረቀት ይዘህ ሂድና «ጋሼ፣ የቱን ረስቻለሁ?» በለው። ጀማሪ የሚረሳው ሁልጊዜ ያው ነው፤ የትራንስፖርትና ግድግዳ ቆርጦ መልሶ የመለሰን ወጪ፣ ዕቃ ሲጎድል የሚባክነው ግማሽ ቀን፣ ለመጨረሻ ፍተሻ ተመልሶ መምጣት። እነዚህን ያልቆጠረ ሰው 4,000 አገኘሁ ሲል እውነቱ 2,500 ሊሆን ይችላል። በሳምንቱ ደውለህ ደንበኛው ምን እንዳለ ንገረው። ብዙ ሰው ምክሩን ተቀብሎ ይጠፋል፤ መካሪው ግን የሚያስታውሰው ውጤቱን የነገረውን ነው፣ ሥራ ሲተርፈውም ስልኩን የሚያነሳው ለእሱ ነው። እሱ የላከህ ቤት አንድ ነገር ቢበላሽብህ ከደንበኛው ቀድመህ ለእሱ ተናገር፤ ከሰው አፍ እንዳይሰማው።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚመስል ግን ያልሆነም አለ። ዓመት ሙሉ አብረኸው ሠርተህ አንድም ቀን ደንበኛ ፊት ቀርበህ ዋጋ ካልተነጋገርክ፣ ርካሽ ጉልበት አግኝቷል እንጂ እያሳደገህ አይደለም።

የቀረው የሰው ትውውቅ ነው፤ ይህን በአጭሩ ልለፈው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል የጠቆማቸውን ሰው ዘወትር ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከግማሽ በላዩ አልፎ አልፎ፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር የጠቆማቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የዕድርህ ሰዎች ለሐዘንህ ይደርሳሉ፤ ወሬያቸው ግን አንተ የምታውቀው ያው ወሬ ነው። አዲስ ወሬ ያለው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቁ ሻጭ፣ የቤት አሻሻጭ ደላላው፣ ግንበኛው፣ ቀለም ቀቢው ጋ ነው፤ ቤት እየተሠራ መሆኑን ከአንተ በፊት ያውቃሉ። ከእነዚህ አምስት ስድስቱን በወር አንዴ ማግኘት ይበቃል። ደላላው ድርሻ ስጠኝ ካለህ ግን የሱቁን ኮሚሽን ሒሳብ አስታውስ።

አንድ ገደብ አለ። የሸዋ ሮቢት ስምህ በመካከላችን ያለውን የጣርማ በር ተራራ በራሱ አይሻገርም፤ እዚህ ማንም አያውቅህም። ስለዚህ ከመምጣትህ በፊት ከደንበኞችህ መካከል ደብረ ብርሃን ዘመድ ያላቸውን ሦስት ሰዎች ለይና አንተ ባለህበት ለዘመዶቻቸው እንዲደውሉ ለምናቸው። «ቁጥሬን ስጡልኝ» ብቻ ብትል ይረሳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ቀጭን ናቸው፤ አንድ ቤት መብራቱን በዓመት አንዴ ቢያሠራ ነውና ሰንሰለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚረዝመው። የስድስት ወር ቀለብና የቤት ኪራይ ሳትይዝ ደመወዝህን አትልቀቅ።

ዋጋ የምትጨምረው መቼ እንደሆነም ደብተሩ ይነግርሃል። በወር 22 ቀን ብትሠራና ጥሪው 12 ቀን ብቻ የሚሞላ ከሆነ አትንካው። 30 ቀን የሚሞላ ጥሪ መጥቶ 8ቱን ስትመልስ ከከረምክ፣ ለአዲስ ሰው 10 በመቶ ጨምር፤ ለነባሩ ግን አስቀድመህ ሳትነግር አትጨምር። የገቢህ ትልቁ ዕድገት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እምቢ ለማለት የሚያስችል ጥሪ ሲኖርህ።

ለመጀመሪያው ቤት የምታወጣውን ዋጋ ለደንበኛው ከመስጠትህ በፊት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ስትመጣም ወፍራም ጋቢ ይዘህ ና። እናትህን ሳምልኝ።

ወንድምህ