ይሄ ዋጋ ቫት አለው ወይ?

ለውድ ደንበኞቻችን፣

ጥምቀት ሲቃረብ እንግዳ ማረፊያው፣ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው ሁሉ ባነርና ብሮሸር ያዛል። ያኔ ባንኮኒያችን ላይ የማይጠፋ ጭቅጭቅ አለ፤ ቫት። ስለዚህ አሠራራችንን ቀደም ብለን እንንገራችሁ።

ግድግዳው ላይ የለጠፍነው ዋጋ በሙሉ ቫትን ያካተተ ነው። የሰርግ ካርድ የሚያሳትም ሰው የከፈለውን ቫት የሚያቀናንስበት መንገድ የለውም። ለእሱ ዋጋ ማለት ከኪሱ የሚወጣው ብር ነው። ለድርጅት በምንሰጠው ፕሮፎርማ ግን ቫቱን ለይተን እንጽፋለን። ለቫት የተመዘገበ ድርጅት ለሥራው ሲገዛ የከፈለውን ቫት ራሱ ከሰበሰበው ላይ ይቀንሳልና፣ ለብቻው ሊያየው ይገባል።

አንድ ምሳሌ እንይ። አንድ እንግዳ ማረፊያ 200 ብሮሸር በ25 ብር፣ አንድ ባነር በ2,000 ብር አዘዘ እንበል። ዲዛይኑ 1,000 ብር ነው። ከቫት በፊት ድምሩ 8,000፣ ቫቱ 15 በመቶ ማለትም 1,200፣ ጠቅላላው 9,200 ብር ይሆናል። ሌላ ቤት «8,500 ብቻ» ቢላችሁ ቸኩላችሁ አትሂዱ። ቫቱ ያልገባበት ከሆነ መጨረሻ ላይ 9,775 ነው የምትከፍሉት። ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴ ደግሞ 15 በመቶ መጨመር አይፈቀድለትም። የቫት ምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ቫቱን ከጠቅላላው ሲያወጡ ነው። የ9,200 ብር 15 በመቶ 1,380 ነው፤ ቫቱ ግን ይሄ አይደለም። 9,200ን ለ1.15 አካፍሉት። 8,000 ይመጣል፤ ልዩነቱ 1,200 ቫቱ ነው። ቅናሽ ካደረግንላችሁም ቅናሹ የሚነሳው ከቫት በፊት ነው። 800 ብር ብንቀንስ ቫቱ የሚታሰበው በ7,200 ላይ ነው፤ 1,080 ይሆንና 8,280 ትከፍላላችሁ።

ደረሰኝ ለሚቆርጡ ደንበኞቻችንም አንድ ነገር እንበል። «የህትመት ሥራ» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ ይቀላል፣ እኛም እናውቀዋለን። ባነሩ ተበላሽቶ ቢመለስ ግን ስንት ብር እንደሚመለስ ከየት ይታወቃል? እያንዳንዱን ዕቃ በየመስመሩ፣ ብዛቱንና ነጠላ ዋጋውን ጻፉ። ከሥር ከቫት በፊት ያለው ድምር፣ ቫቱና ጠቅላላው ይከተላል። የገዢና የሻጭ ስም፣ ቲን ቁጥር፣ የሻጩ የቫት ምዝገባ ቁጥር፣ ቀንና የደረሰኝ ተራ ቁጥርም አይቅሩ።

ፕሮፎርማ ደረሰኝ አይደለም፤ በእሱ ቫት ማቀናነስ አይቻልም። ስለዚህ ቀብድ ስትከፍሉ የድርጅቱን ስም ንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው፣ ከነቲን ቁጥሩ ይዛችሁ ኑ። ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ «ስሙን ቀይሩልን» ማለት ለእናንተም ለእኛም መከራ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የማተሚያ ቤቱ ባልደረቦች፣ ጎንደር